ፓምፑ ሲነሳ ሳይሆን ከተነሳ ከ5 ሰከንድ በኋላ ቮልቴጅ የሚወድቀው ለምንድነው?

የፓምፕ_ቤት_ሰው

ሰላም ለሁላችሁ። ግራ የገባኝን ነገር ይዤ መጥቻለሁ። 55 ኪሎዋት ሞተር ያለው ሴንትሪፉጋል ፓምፕ አለን። ትራንስፎርመሩ 200 ኬቪኤ ነው፤ የቆመው ደግሞ ረጅም መስመር ጫፍ ላይ ነው። ማስነሻው ስታር ዴልታ ነው።

በተኑን ስጫን መብራቱ ትንሽ ፈዘዝ ይላል። እሱ ምንም አይደለም፣ ለምደነዋል። ጉዱ የሚመጣው ከ5 ሰከንድ በኋላ ነው። ኮንታክተሮቹ ጧ ብለው ከስታር ወደ ዴልታ ሲቀያየሩ መብራቱ ጭልም ይልና አጠገቡ ያለው ኮምፕረሰር ቀጥ ይላል። ኮምፕረሰሩን የሚያቆመው የቮልቴጅ መጠበቂያ ሪሌው ነው። 350 ቮልት ላይ ተሞልቷል።

አንድ ባለሙያ መጥቶ አየና «ትራንስፎርመሩ አንሷችኋል፣ 400 ኬቪኤ አስገቡ» አለን። ከመግዛታችን በፊት ልጠይቅ ብዬ ነው። ትንሹን በሚይዝና ትልቁን በሚይዝ ክላምፕ ሜትር የለካሁት ይኸው፦

ፓምፑ ከመነሳቱ በፊት 400 ቮልት። ስታር ላይ 376 ቮልት እና 219 አምፔር። ወደ ዴልታ ሲገባ 342 ቮልት እና 300 አምፔር። ዴልታው ላይ ሁለት ሰከንድ ያህል ያጣጥርና ይረጋጋል።

ባለ_ፒንሳ

ሰውየው ትክክል ነው የነገረህ። ትራንስፎርመሩ እጥፍ ሲሆን ውስጣዊ ኢምፒዳንሱ በግማሽ ይቀንሳል፤ ኢምፒዳንሱ በግማሽ ከቀነሰ የቮልቴጁም መውደቅ በግማሽ ይቀንሳል። አሁን 58 ቮልት ነው የሚወድቅብህ፣ 29 ይሆናል። 371 ቮልት ታገኛለህ፣ ሪሌው አይነካህም። እኔ እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ሁለት ጊዜ ትራንስፎርመር አስቀይሬ ሁለቱም ጊዜ ሰርቷል።

ሌሊት_ተረኛ

እኛም ቮልቴጅ ዝቅ ይልብን ነበር። ትራንስፎርመሩን አጥፍተው ታፑን በሁለት ደረጃ ከፍ አደረጉልን፣ 5 በመቶ ጨመረ፣ አለቀ። ለምን በነፃ የሚሆነውን ትታችሁ ብር ታወጣላችሁ?

የፓምፕ_ቤት_ሰው

@ሌሊት_ተረኛ የኛ ቮልቴጅ ሁልጊዜ ዝቅ ያለ አይደለም። ፓምፑ ሳይነሳ 400 ነው፤ ሌሊት ሁሉም ሲጠፋ 415 ሲሆንም አይቻለሁ። በዚያ ላይ 5 በመቶ ቢጨመር አምፖሎቹን የሚጨርስብን ይመስለኛል።

አሮጌ_ኮንታክተር

ስለ ትራንስፎርመር ከማውራታችን በፊት አንድ ነገር ልጠይቅህ። ክላምፑን የትኛው ሽቦ ላይ ነው ያደረግከው?

ለምን እንደምጠይቅህ ልንገርህ። የለካሃቸው ሁለት ቁጥሮች እርስ በርሳቸው አይስማሙም። ቮልቴጁ የወደቀው ጅረቱ በትራንስፎርመሩና በመስመሩ ውስጥ ሲያልፍ ነው። ስለዚህ የወደቀውን ለጅረቱ ብናካፍል ከሞተሩ ወደኋላ ያለው ሁሉ ስንት ኦም እንደሆነ ይነግረናል። ከስታርና ከዴልታ ልኬትህ እንዲህ ይወጣል፦

```
ስታር:  (400 - 376) / (1.732 × 219) = 0.063
ዴልታ: (400 - 342) / (1.732 × 300) = 0.112
```

መስመሩ ያው መስመር ነው፣ ትራንስፎርመሩም ያው። በአምስት ሰከንድ ውስጥ ኢምፒዳንሱ እጥፍ ሊሆን አይችልም። ከሁለቱ አንዱን ሲለካ ክላምፑ የተሳሳተ ቦታ ላይ ነበር ማለት ነው።

ሦስት ነገር ደግሞ ጨምርልኝ። ኮንታክተሮቹ ሊቀያየሩ ሲሉ፣ ማለትም ስታሩ መጨረሻ ላይ፣ አምፔሩ ስንት ነበር? ፓምፑ ሲነሳ የመውጫው ቫልቭ ክፍት ነው ዝግ? ትራንስፎርመሩ ሰሌዳ ላይ uk የሚለው የኢምፒዳንስ ቁጥር ስንት በመቶ ነው?

የፓምፕ_ቤት_ሰው

ጋሼ አመሰግናለሁ። ክላምፑን ያደረግኩት ከፓነሉ ወደ ሞተሩ ከሚወጡት ስድስት ሽቦዎች በአንዱ ላይ ነው። ሰፊ ቦታ ያለው እዚያ ስለሆነ እንጂ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ስታሩ ሲጀምር 219 ነው፣ ቀስ እያለ ይወርድና ሊቀየር ሲል 192 ይደርሳል። ቫልቩ ሁልጊዜ ክፍት ነው፣ ማንም አይነካውም። ከፓምፑ በላይ የማይመልስ ቫልቭ አለ። uk 4 ይላል።

አሮጌ_ኮንታክተር

እንግዲህ ሁሉም ነገር ወለል ብሎ ታየ።

መጀመሪያ ክላምፑ። ስታር ላይ ወደ ሞተሩ በሚሄደው ሽቦ የሚያልፈው ጅረትና ከመስመሩ የሚመጣው ጅረት አንድ ነው። ዴልታ ላይ ግን ከመስመሩ የሚመጣው ለሁለት ይከፈላል። አንተ የያዝከው ሽቦ ከመስመሩ በ1.732 ያነሰ ነው የሚያሳየው። ስለዚህ 300 ያልከው በእርግጥ 520 አምፔር ነው። በ520 ስታሰላው 0.064 ኦም ይመጣል፣ ከስታሩ ጋር ይገጥማል። ሌላ ጊዜ ክላምፑን ከዋናው ብሬከር በሚመጣው ሽቦ ላይ አድርገው፣ ከኮንታክተሮቹ በፊት።

አሁን ወደ ዋናው ችግር። ስታር ዴልታ ጅረቱን ወደ አንድ ሦስተኛ ያወርዳል። ይሄን ሁሉም ያውቃል። የሚረሳው ነገር ጉልበቱንም ወደ አንድ ሦስተኛ ማውረዱ ነው። ፓምፕ ደግሞ ፍጥነቱ ሲጨምር የሚፈልገው ጉልበት በፍጥነቱ ካሬ ይጨምራል። መጀመሪያ ላይ ቀላል ነው፣ ሞተሩ ደስ ብሎት ይሽከረከራል። ሰማንያ በመቶ አካባቢ ሲደርስ የማይመልሰው ቫልቭ ተከፍቷል፣ ውሃው መሄድ ጀምሯል፣ ፓምፑ የሚፈልገው ጉልበትና ስታር ላይ ያለ ሞተር የሚሰጠው ጉልበት እኩል ይሆናሉ። ሞተሩ እዚያ ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ከዚያ በላይ አይፈጥንም፣ ታይመሩን አንድ ደቂቃ ብትሞላውም አይፈጥንም።

ማስረጃው 192ቱ አምፔር ነው። ሞተሩ ሙሉ ፍጥነቱ አጠገብ ቢደርስ ኖሮ የስታሩ አምፔር ተንሸራቶ ወደ አስር ቤቶች ይወርድ ነበር። ያንተ ከ219 ወደ 192 ብቻ ነው የወረደው። ማለትም ሞተሩ ገና መንገድ ላይ ነው።

እንዲህ ባለበት ወደ ዴልታ ስታስገባው የሚሆነውን ቁጥሩ ራሱ ይናገራል። 192 ሲባዛ በ3 576 ነው፤ ቮልቴጁ ራሱ ስለሚወድቅ ትንሽ ይቀንስና 520 ይሆናል። ልክ የለካኸው። ሞተርህ በሙሉ ቮልቴጅ ከቆመበት ቢነሳ 700 አምፔር ገደማ ይስብ ነበር፤ ያውም ቮልቴጁ ባይወድቅ። ስለዚህ ስታር ዴልታው ከዚያ ትልቅ ጅረት አላዳነህም፣ በአምስት ሰከንድ አዘገየልህ እንጂ።

ሙከራው ቀላል ነው። የመውጫውን ቫልቭ ዝጋ። ፓምፑን አስነሳ። ታይመሩን ከ5 ወደ 9 ሰከንድ አድርገው። አምፔሩ ሲወርድ ተመልከት። ዴልታ ውስጥ ከገባና ከተረጋጋ በኋላ ቫልቩን ቀስ ብለህ ክፈት። ዝግ አድርገህ ግን ብዙ አታቆየው፣ ውስጡ ያለው ውሃ ይሞቃል።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ይሄ ለሴንትሪፉጋል ፓምፕ ነው። እንደ ማራገቢያ ውሃውን ቀጥታ የሚገፋ አክሲያል ፓምፕ ያለው ሰው ይሄን አንብቦ ቫልቩን እንዳይዘጋ። የዚያ ነገሩ ተቃራኒ ነው፣ ቫልቩ ሲዘጋ ጭነቱ ይብሳል።

ባለ_ፒንሳ

ስለ ቫልቩ አልከራከርም። ግን 400 ኬቪኤ ቢገባ ሁሉም ነገር በአንዴ ይፈታ ነበር። ሰውየው ነገ ሌላ ሞተር ቢጨምርስ?

አሮጌ_ኮንታክተር

@ባለ_ፒንሳ ሌላ ሞተር ከጨመረ ሌላ ነገር ነው። አሁን ግን የተጠየቀው ስለሚወድቀው ቮልቴጅ ነው፣ በግማሽ ይቀንሳል ያልከው ደግሞ እዚህ ቦታ አይሰራም። እስቲ አብረን እንየው።

200 ኬቪኤ፣ 4 በመቶ የሆነ ትራንስፎርመር ከ400 ቮልት ወገን ሲታይ ኢምፒዳንሱ ይሄ ነው፦

```
0.04 × 400 × 400 / 200000 = 0.032
```

በልኬት ያገኘነው ጠቅላላ 0.064 ነበር። ከዚያ ላይ ትራንስፎርመሩ 0.032 ነው። የቀረው 0.032 የማን ነው? የመስመሩ። ከትራንስፎርመሩ ጀርባ ያለው ረጅም ሽቦ። ግማሽ በግማሽ ተካፍለውታል። (ኢምፒዳንስን እንደ ተራ ቁጥር መደመር ትንሽ ስህተት አለው፣ ማዕዘናቸው ይለያያል። ለውሳኔ ግን ይበቃል።)

አሁን 400 ኬቪኤ አስገባ። የትራንስፎርመሩ ድርሻ 0.016 ይሆናል፣ የመስመሩ ግን አይነካም። ጠቅላላው 0.048 ነው። ቮልቴጁ ትንሽ ከፍ ስለሚል ሞተሩም ወደ 541 አምፔር ይስባል። የሚወድቀው 45 ቮልት ይሆናል። ዴልታው ሲገባ 355 ቮልት ታያለህ፣ አንተ እንዳልከው 371 አይደለም። ሪሌው በ5 ቮልት ያመልጣል። አንድ ቀን መስመሩ ራሱ 394 ሆኖ ቢያድር ያው ኮምፕረሰሩ ይቆማል።

600 ብታስገባ? 1000 ብታስገባ? ከመስመሩ ድርሻ በታች መውረድ አትችልም። ትራንስፎርመሩ ዜሮ ኦም ቢሆን እንኳ መስመሩ ለብቻው ከ30 ቮልት በላይ ይጥላል።

አንተ ሁለት ቦታ ላይ ሰርቶልኛል ያልከው እውነት ሊሆን ይችላል። መስመሩ ጠንካራ የሆነበት ቦታ ላይ ከጠቅላላው ኢምፒዳንስ አብዛኛው የትራንስፎርመሩ ነው፣ እዚያ እጥፍ ማድረግ በግማሽ ይቀንሳል። የመስመር ጫፍ ላይ ነው ሒሳቡ የሚከዳህ።

ሌላም ነገር አለ። ኬቪኤውን ብቻ አይታችሁ አትግዙ። uk 6 በመቶ የሆነ 400 ኬቪኤ ብታመጣ 0.024 ኦም ነው። ከ0.032 ወደ 0.024። ያን ያህል ወጪ አውጥተህ ሩቡን ብቻ ነው የቀነስከው፣ ያውም ከግማሹ ላይ።

ባለ_ፒንሳ

የመስመሩን ድርሻ አላሰብኩትም፣ እሺ። ግን ሳላምን የምቀረው አንድ ነገር አለ። 355 ከ342 ይሻላል። ማንኛውም ነገር ይሻላል።

አሮጌ_ኮንታክተር

ለአንተ ይሻላል። ለጎረቤትህ ይብሳል።

በዚያው መስመር ላይ የራሱ ትራንስፎርመር ያለው ሰው የሚያየው የመስመሩን ድርሻ ብቻ ነው። በ520 አምፔር 29 ቮልት ያህል ይወድቅበታል። አንተ ትራንስፎርመር ስታሳድግ ሞተርህ 541 ስለሚስብ የሱ 30 ይሆናል። ትንሽ ነው፣ ግን አቅጣጫው ወደ ላይ ነው። ጎረቤት ሲያማርር «ትራንስፎርመር አሳድገናል» ብሎ መመለስ መልስ አይደለም። ለጎረቤት የሚጠቅመው የሚሳበውን አምፔር መቀነስ ብቻ ነው።

ጀነሬተር_ጎረቤት

ይቅርታ መሃል ገባሁ። የኔም ይሄው ነው። 100 ኬቪኤ ጀነሬተር አለኝ፣ 30 ኪሎዋት ሞተር በቀጥታ አስነሳለሁ። ሞተሩ ሊነሳ ሲል ያቃስታል፣ ከዚያ የራሱ ኮንታክተር ይለቅና ሁሉም ይጠፋል። 100 ኬቪኤ ለ30 ኪሎዋት አይበቃም እንዴ? ከትራንስፎርመር ላይ ሲሆን ያለችግር ይነሳል።

አሮጌ_ኮንታክተር

ያንተ ተመሳሳይ ቢመስልም ሌላ ነው። ጀነሬተር ለእንዲህ ያለ ድንገተኛ ጭነት ከትራንስፎርመር በጣም የለሰለሰ ነው። የትራንስፎርመሩ ኢምፒዳንስ 4 በመቶ ቢሆን የጀነሬተሩ ለመጀመሪያዎቹ ቅጽበቶች 20 በመቶ አካባቢ ነው። ያንተ ሞተር ሲነሳ 270 ኬቪኤ ገደማ ይጠይቃል። ጀነሬተሩ ላይ ያ ከ30 በመቶ በላይ መውደቅ ነው። ኮንታክተርህ የሚለቀው እዚያ ነው፤ ከለቀቀ በኋላ ደግሞ ሞተሩ ስለሚለቀቅ ቮልቴጁ ይመለሳል፣ አንተም ሜትሩ ላይ ምንም አታይም።

ስታር ዴልታ ብታደርገው መውደቁ ወደ 15 በመቶ ይወርዳል። ጭነቱ ምንድነው ግን?

ጀነሬተር_ጎረቤት

ፒስተን ኮምፕረሰር። ታንኩ ውስጥ አየር እያለ ነው የሚነሳው።

አሮጌ_ኮንታክተር

እንግዲያው ስታር ላይ ንቅንቅ ላይል ይችላል። መጀመሪያ ሲነሳ አየሩን የሚያስተነፍሰው ቫልቭ መስራቱን እይ። እሱ ካልሰራ የትኛውም ማስነሻ አያድንህም። ሌላ ክር ክፈትና እንወያይበት፣ እዚህ ከፓምፑ አንራቅ።

ኢንጂነር_ሰላም

ባልጠየቃችሁኝም ልግባ። ቫልቩን መዝጋት ጥሩ ሙከራ ነው፣ ግን ማታ ማታ ፓምፑ በተንሳፋፊ ስዊች ራሱ የሚነሳ ከሆነ ማን ሊዘጋው ነው? እኔ ስታር ዴልታውን ጥዬ ሶፍት ስታርተር ባደርግ እመርጣለሁ። ጅረቱን 3 እጥፍ ላይ ገድቡት። የሞተሩ መደበኛ ጅረት 100 አምፔር ገደማ ነው፣ 300 አምፔር በ0.064 ሲሰላ 33 ቮልት ነው የሚወድቀው። 367 ታገኛላችሁ። መቀያየር የሚባል ነገርም አይኖርም።

አሮጌ_ኮንታክተር

@ኢንጂነር_ሰላም ሐሳቡ ጥሩ ነው፣ 3 እጥፉ ላይ ግን እጠራጠራለሁ። ቫልቩ ክፍት ከሆነ ያው ግድግዳ ሶፍት ስታርተሩንም ይጠብቀዋል። ሰማንያ አምስት በመቶ ፍጥነት ላይ ይሄ ሞተር በሙሉ ቮልቴጅ አምስት ተኩል እጥፍ ገደማ ይስባል። 3 ላይ ስትገድቢው ሞተሩ የሚያገኘው ቮልቴጅ 55 በመቶ ነው። ጉልበት በቮልቴጅ ካሬ ስለሚሄድ 30 በመቶው ብቻ ይቀራል። ሞተሩ እዚያ ፍጥነት ላይ ከመደበኛው ሁለት ተኩል እጥፍ ጉልበት አለው ብንል እንኳ ሰባ አምስት በመቶ ላይ ይወርዳል። ፓምፑ ደግሞ ሰባ ሁለት ያህል ይፈልጋል። ለጥቂት ነው። ትንሽ ነገር ቢዛባ ያቺ ጥቂትም ትሄዳለች። ማስነሻው ጊዜው አልቆ ፎልት ይሰጣል፣ ሰዎቹም «ሶፍት ስታርተሩ ተበላሸ» ይላሉ።

ኢንጂነር_ሰላም

ልክ ነው፣ ደርሶብኛልም። አንድ ጣቢያ ላይ ሦስት ቀን ሙሉ ከፎልቱ ጋር ታግለን በመጨረሻ ገደቡን ከ3 ወደ 3.5 ስናሳድገው ነው የተነሳው። የገደቡ ፍቺ እንደ ማሽኑ ይለያያል፣ አንዳንዱ የሞተሩን አንዳንዱ የራሱን መደበኛ ጅረት ነው መነሻ የሚያደርገው። የሞተሩ ሰሌዳ ላይ ያለው አምፔር መጀመሪያ መግባቱን ማየት ያስፈልጋል።

3.5 ላይ 350 አምፔር ነው። 39 ቮልት ይወድቃል፣ 361 ይሆናል። ሪሌውን ያልፋል። መብራቱ ግን ስምንት አስር ሰከንድ ፈዝዞ ይቆያል፣ ያንን ሰው ይታዘባል።

የፓምፕ_ቤት_ሰው

ቆይ፣ እንደገባኝ ከሆነ ስታር ላይ 376 ነበር። ሶፍት ስታርተር 361። ስታር ዴልታ ይሻላል ማለት ነው?

ኢንጂነር_ሰላም

ስታሩ ብቻውን ይሻላል፣ አዎ። ከመስመሩ የሚስበውን አምፔር ስታር ይበልጥ ይቀንሰዋል። ለተመሳሳይ ጉልበት ሶፍት ስታርተር ሁልጊዜ ብዙ ይስባል፤ ምክንያቱም ጅረቱ በቮልቴጅ ልክ ሲወርድ ጉልበቱ ግን በካሬ ይወርዳል። የሶፍት ስታርተር ጥቅሙ ጉልበቱን እንዳስፈላጊነቱ ከፍ ማድረግ መቻሉና መሃል ላይ አለመልቀቁ ነው። ስታሩ ግን ስራውን ካልጨረሰ ጥቅሙ ሁሉ ዴልታው ሲገባ ይመለሳል። ያንተ ችግር እሱ ነው።

ከሁሉም የሚሻለው ኢንቨርተር ነው። ፍሪኩዌንሲውን ከዝቅተኛ ስለሚጀምር ሲነሳም ከሞተሩ መደበኛ ጅረት ብዙም አይበልጥም። የሚያሳስበኝ ሌሎች ሞተሮች ሲነሱ ቮልቴጁ ሲወድቅ እሱ ራሱ «አነስተኛ ቮልቴጅ» ብሎ መቆሙ ነው። ደካማ መስመር ላይ ሐርሞኒክሱም አለ። ለአንድ ፓምፕ ብቻ ከሆነ እዚያ ድረስ አልሄድም።

ሌሊት_ተረኛ

እኔ አሁንም ታፑ ነው የምለው። 342 በ5 በመቶ ሲጨምር 359 ይሆናል። ከ350 በላይ ነው።

አሮጌ_ኮንታክተር

@ሌሊት_ተረኛ ስሌትህ ከእውነት የራቀ አይደለም፣ በዚህ ልክ ነህ። ወለሉን ከፍ ታደርጋለህ። የሚወድቀውን ግን አትቀንሰውም፣ እንዲያውም በጥቂቱ ታሳድገዋለህ፤ ታፑ ሲነሳ የመስመሩ ኢምፒዳንስ ከዚህ ወገን ሲታይ ስለሚጨምር። ሌሊት 415 የሚሆነው 435 ይሆናል። ያንን የሚሸከም ዕቃ ካላችሁ ሞክሩት።

የፓምፕ_ቤት_ሰው

ሰላም ናችሁ? ዛሬ ሞከርኩት።

ቫልቩን ዘጋሁ፣ ታይመሩን 9 አደረግኩት፣ ክላምፑን ብሬከሩ ስር አደረግኩ። ስታር ላይ 219 ተነሳ። ሰባተኛው ሰከንድ አካባቢ አምፔሩ በድንገት መውረድ ጀመረ። ስምንተኛው ላይ 30ዎቹ ውስጥ ገባ! ዴልታ ሲገባ ከፍተኛው 190 አምፔር፣ ዝቅተኛው 379 ቮልት። መብራቱ ምንም አልሆነም ማለት ይቻላል። ኮምፕረሰሩም አልቆመም። ቫልቩን ስከፍት አምፔሩ ቀስ እያለ 96 ደረሰ።

አምስት ጊዜ ደጋገምኩት። አራቱ ላይ እንዲሁ ነበር። አንዱ ላይ ግን ሜትሩ የያዘው ከፍተኛ አምፔር 640 ነው። መብራቱ ብልጭ አለ፣ በጣም አጭር፣ የዓይን ጥቅሻ ያህል። ሪሌው አልነካውም። ይሄስ ምንድነው?

አሮጌ_ኮንታክተር

ስታሩ ሲለቅና ዴልታው ሲይዝ መሃል ላይ ሞተሩ ለቅጽበት ከመስመሩ ተነጥሎ ይቆያል። ግን እየተሽከረከረ ነው፣ ውስጡ ያለው ማግኔት ገና አልጠፋም፣ ራሱ ቮልቴጅ ያመነጫል። ያ ቮልቴጅ ከመስመሩ ጋር የተገጣጠመ ሆኖ ዴልታው ከያዘ ምንም አይሰማም። ተቃራኒ ሆኖ ከተገናኘ በጥቂት ሚሊሰከንድ ውስጥ ትልቅ ምት ይመጣል። የትኛው እንደሚደርስህ በዕድል ነው፣ ለዚህ ነው ከአምስቱ አንዱ ላይ ያየኸው። ሪሌው መዘግየት ስላለው አያየውም።

የስታር ዴልታ ታይመር ከሆነ በሁለቱ መካከል ያለውን ክፍተት ማስተካከያ ሊኖረው ይችላል። ትንሽ ጨምርበት፣ ማግኔቱ እንዲሞት። በጣም ብትጨምር ደግሞ ሞተሩ ይዘገያል።

ኢንጂነር_ሰላም

በዚህ ላይ አልስማማም። ክፍተቱን ሲጨምሩ ምቱ የባሰበት ፓነል አይቻለሁ። ክፍተቱ ሲረዝም ማግኔቱ ይሞታል፣ ግን ፍጥነቱም ስለሚወርድ ማዕዘኑ ይሸሻል። የት ላይ እንደሚገናኙ አይታወቅም። እኔ መጀመሪያ የማየው የዴልታውን ሽቦ አገናኝ ነው። ሞተሩን ወደ አንድ አቅጣጫ የሚያዞሩ ሁለት ዓይነት አገናኞች አሉ፣ ሁለቱም ይሰራሉ፣ አንደኛው ላይ ግን ምቱ ይበዛል። የማስነሻው አምራች የሰጠውን ሥዕል ተከትለህ ይሁን እንዳልሆነ አረጋግጥ።

አሮጌ_ኮንታክተር

የሽቦውን አገናኝ መፈተሹ ልክ ነው፣ እሱን መጀመሪያ አድርግ። ክፍተቱን በተመለከተ ግን ትልልቅ ሞተሮች ላይ ረዘም ሲል የተሻለ ሆኖ ነው ያየሁት። ምናልባት የሁለታችን ፓምፖች ክብደት ይለያይ ይሆናል፣ ከባዱ ቶሎ ፍጥነት አይጥልም።

ባለ_ፒንሳ

እንግዲህ አንድ ቫልቭ መዝጋት ከ400 ኬቪኤ ትራንስፎርመር በለጠ በሉኛ። እሺ ተሸነፍኩ። ግን ማታውን ማን ይዘጋዋል የሚለው አልተመለሰም።

የፓምፕ_ቤት_ሰው

ማታ ማታ ፓምፑ በተንሳፋፊው ራሱ ነው የሚነሳው፣ ትክክል ናችሁ። ሁለት መንገድ እያየሁ ነው። አንዱ በሞተር የሚሰራ ቫልቭ አድርጌ የዴልታው ኮንታክተር ረዳት ኮንታክት እንዲከፍተው። ሌላው 3.5 ላይ የተገደበ ሶፍት ስታርተር። የቫልቩ ሐሳብ መብራቱን ያን ያህል አያፈዝም፣ ግን ቫልቩ ቢጣበቅ ፓምፑ ዝግ ሆኖ ሌሊቱን ያድራል፤ የፍሰት ስዊች መጨመር አለበት ማለት ነው።

እስከዚያው የማታውን ሰው ፓምፑን በእጅ እንዲያስነሳ አዘናል። ቫልቩን ለመክፈት አስራ ስምንት ዙር ነው፣ ትናንት እየቆጠረ እየሰደበኝ ነበር። ነገ ፓነሉን ከፍቼ የዴልታውን ሽቦ አይና ፎቶውን እዚሁ እለጥፋለሁ።